«ብጽፍልህ ዕዳህ እኔ ላይ ይመጣል» ለሚሉ አሠሪ

ጥያቄ፦ ቡሬ ባለ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በማሽን ኦፕሬተርነት እሠራለሁ። ለቤት መሥሪያ ብድር ባንኩ የደመወዝና የቅጥር ማረጋገጫ አምጣ ብሎ ቅጽ ሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ብጽፍልህ ዕዳህ እኔ ላይ ይመጣል» ብለው መለሱኝ። ሕጉ አያስገድዳቸውም?

መልስ፦ ያስገድዳቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪ የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ሥራ ሲለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቁ ጊዜ ሁሉ ነው።

ሥራ አስኪያጁ የፈሩት ግን ከመሬት ተነሥተው አይመስለኝም። የያዙትን ቅጽ ታች ድረስ ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ከደመወዙ ቀጥሎ «የብድሩን ክፍያ በየወሩ ከደመወዙ ቀንሰን ለባንኩ ልናስተላልፍ፣ ሥራ ቢለቅም ልናሳውቅ ግዴታ እንገባለን» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ደመወዝዎን መመስከር የሕግ ግዴታቸው ነው፤ ይህን መፈረም ግን በፈቃዳቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ይለዩላቸው፤ ግዴታው የሌለበትን ደብዳቤ ብቻ ይጠይቁ፦

«አቶ … ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅታችን በማሽን ኦፕሬተርነት በቋሚነት እየሠሩ ሲሆን፣ ያልተጣራ የወር ደመወዛቸው ብር 15,000 መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ብሩን በራስዎ ደመወዝ ይተኩት። የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል ካለ ለብቻው ይጻፍ፤ ከደመወዙ ጋር ከተደመረ ከፔሮሉ ጋር ስለማይገጥም ባንኩ ይመልሰዋል። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተምም አይርሱ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማንንም ዋስ አያደርግም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ ካልተነገረና የገንዘቡ መጠን ካልተጠቀሰ አይጸናም። አንቀጹን ጽፈው ይውሰዱላቸው፤ ብዙ አሠሪ ይህን ሲያይ ይረጋጋል።

ባንኩ ያለ ቅነሳ ስምምነት አላበድርም ቢል፣ እርስዎም አሠሪዎም ከተስማማችሁ ስምምነትዎ በጽሑፍ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 59 ግን ከደመወዝ የሚቀነሰው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ15,000 ብር 5,000 መሆኑ ነው። ቀድሞ ከድርጅቱ ለወሰዱት ብድር በየወሩ 2,000 የሚቆረጥብዎ ከሆነ፣ ለባንኩ የሚተርፈው ቢበዛ 3,000 ነው። የወር ክፍያው 4,500 ከሆነ 1,500ውን ራስዎ እየሄዱ ያስገባሉ ማለት ነው፤ ይህን ሳይፈርሙ በፊት ለባንኩ ይንገሩ።

አሁንም እምቢ ካሉ በቃል አይመላለሱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙልዎ። ያንን ቅጂ ይዘው ለከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ። ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ መጠየቅዎን የሚያስረዳልዎ ይኸው የተፈረመበት ቅጂ ነው።