ፊቱ የእሷ፣ ጆሮው የማን?

«የእህቴን ፊት ሌላ ሴት ገላ ላይ ለጥፈው፣ ብር ካልላክሽ እንበትነዋለን እያሏት ነው። የእሷ እንዳልሆነ በምን ላሳይ?»

ከጆሮዋ ጀምሪ። ፊት የሚቀይሩት ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነኩት ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ብቻ ነው። ጆሮ፣ ፀጉርና አንገት የሌላዋ ሴት እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ እህትሽ ሹሩባ ተሠርታ ወይም ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ የተነሳችውን ፎቶ ፈልጊ፤ ጭንቅላቷ እነሱ የላኩት ፎቶ ላይ ወዳለው አቅጣጫ የዞረበት ቢሆን ይመረጣል። ሰልፊ ግራና ቀኝን ሊገለብጥ ስለሚችል የግራውን ጆሮ ከቀኙ ጋር እንዳታወዳድሪ። ከዚያ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ለስላሳ ሥጋ እዪ። የእሷ ከጉንጯ ጋር የተጣበቀ ሆኖ እነሱ የላኩት ፎቶ ላይ ያለው ነጠል ብሎ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ይህን ልዩነት ሜካፕም መብራትም አያመጣውም። የጉትቻ ቀዳዳ ግን ዛሬም ሊበሳ ስለሚችል ብቻውን አያሳምንም።

ጥላውንም እዪ። የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቆ አገጯ አንገቷ ላይ የጣለው ጥላ ወደ ግራ ከሄደ፣ ፊቱና አንገቱ አንድ መብራት ሥር አልነበሩም።

ይህ ቤተሰብ ለማሳመን ይበቃል፣ ለሕግ ግን አይበቃም። ብር እንዳትልኩ፤ ከተላከ ደግመው ይጠይቃሉ። መልእክቱን፣ ስልክ ቁጥሩንና ፎቶውን ሳታጠፉ ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ሂዱ፣ ፎቶው በባለሙያ እንዲመረመርም ጠይቁ። እባክሽ፣ ይህን ለነገ አትበዪው። ደግሞም ፎቶው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ጥፋቱ የአስፈራሪው እንጂ የእህትሽ አይደለም። ይህንን ለእሷ ንገሪያት።

«ጓደኛዬ ፍንጭት ናት። የላኩልኝ ፎቶ ላይ ግን ፍንጭቷ የለም።»

ጠርጥር። በሰፊው ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ፊቱን በ128 በ128 ፒክስል ሠርቶ ነው የሚያሰፋው። በዚያች ጠባብ ቦታ ለጥርስ የሚደርሰው ትንሽ ስለሆነ በጥርሶች መካከል ያለው መስመር ይጠፋና አንድ ነጭ ጭረት ይቀራል። ፍንጭትና የድድ ንቅሳትም አብረው ይጠፋሉ። ግን የደበዘዘ ፎቶም እንዲሁ ያደርጋል። የጉትቻዋ ጌጥና የፀጉሯ ዘለላ ጥርት ብለው ጥርሷ ብቻ ከተድበሰበሰ ያኔ ነገር አለው። ሁሉም ከደበዘዘ ምንም ማለት አይቻልም።

«ከቴሌግራም ያነሳሁትን ስክሪንሾት ልላክልህ?»

አይ፣ ዋናውን ፎቶ በፋይል መልክ አስልከህ ላክልኝ።

«አንዱ ዓይን ላይ ሁለት የብርሃን ነጥብ፣ ሌላው ላይ አንድ ብቻ አለ። ሐሰት ነው አይደል?»

አትቸኩዪ። ሁለቱም ዓይኖች የሚያዩት ያንኑ መብራት ወይም መስኮት ስለሆነ ነጸብራቁ በቅርጽም በቦታም ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ይሄ ልክ ነው። ግን መብራቱ ከጎን ሲሆን አፍንጫ ወይም የወረደ ፀጉር አንዱን ዓይን ይጋርዳል፣ መነጽር ደግሞ የራሱን ነጸብራቅ ይጨምራል። የጎደለው ነጥብ በዚህ ካልተብራራ ወደ ጆሮው ሂጂ።