ክፍያ ለሚያዘገይ ሸሪክ ምን ብሎ መጻፍ ይሻላል?

«ሸሪኬ በየወሩ የሚከፍለኝን ብር ያዘገያል። ተናድጄ የጻፍኩት መልእክት ስልኬ ላይ አለ፤ ጠንከር ያለ ግን የማያጣላ እንዴት ላድርገው?»

ወንድሜ፣ የጻፍከውን አታጥፋው፤ ከውስጡ የሚፈለገው ነገር አለ። እኔ መርካቶ ጫማ ሳከፋፍል አብሮኝ የሚሠራው ሰው ዕቃ በዱቤ እየወሰደ ክፍያ ማዘግየት አበዛ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ሁሌም ታታልለኛለህ። እንደ ሞኝ ቆጥረኸኛል። ብሬን ካልከፈልክ ታየኛለህ!» የሚል ነበር። ከመላኬ በፊት ግን የትኛውን በባንክ ደረሰኝና በዱቤ ደብተሬ ማሳየት እንደምችል አንድ በአንድ አየሁ።

«ሁሌም» ካልኩት የካቲት ላይ በቀኑ መክፈሉን አንስቶ ይሟገተኛል፤ ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ብሩ አይሆንም። «እንደ ሞኝ» ያልኩት የልቡን ነው፣ ማረጋገጫ የለኝም። «ታየኛለህ» ደግሞ ምን እንደማደርግ አይነግረውም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዛቻ ተብሎ በእኔው ላይ ይቀርባል። ሦስቱን አውጥቼ በምትካቸው ከደረሰኙና ከደብተሬ ያገኘሁትን ቀንና ቁጥር አስገባሁ። የላክሁት ይህን ነው፦

«ሰላም ወንድሜ። በስምምነታችን መሠረት ወር በገባ በ10ኛው ቀን 40,000 ብር ትከፍላለህ። ከመጋቢቱ 15,000 ብቻ ገብቷል፤ የሚያዝያው ምንም አልገባም። ቀሪው 65,000 ብር ነው። እስከ ግንቦት 15 ሙሉውን አስገባልኝ። በአንዴ ካልሆነልህ 35,000ውን ግንቦት 15፣ 30,000ውን ግንቦት 30 ክፈል። የትኛው እንደሚሻልህ እስከ ነገ ማታ ጻፍልኝ። ከእነዚህ ቀኖች አንዱ ካለፈ አዲስ ዕቃ በዱቤ አልሰጥም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስብበት። ዱቤ ማቆም በእጄ ያለ ነገር ስለሆነ ነው የጻፍኩት። ለመክሰስ ካልተዘጋጀህ «እከስሃለሁ» አትበል። «ሲመችህ» እና «ላስቸግርህ» የሚሉትንም አውጣ፤ የቀጠርከውን ቀን ያፈርሱብሃል። ጋሼ እያልክ የምትጠራው ሰው ከሆነ ጋሼውን አትተው። አንተ ስትለው የኖርከውን ሰው ደግሞ ድንገት እርስዎ ካልከው መጣላትህን ነው የሚያነበው።

መልእክቱን በጽሑፍ ማድረግህ ሌላም ጥቅም አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ቁጥር 1773 ደግሞ ማስጠንቀቂያው የመክፈያው ቀን ከመድረሱ በፊት እንደማይሰጥ ይናገራል። ስለዚህ ቀኑ ሲያልፍ ላከው፣ ስልክህ ላይም እንዳይጠፋ አስቀምጠው። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ በወረቀት አድርገህ ቅጂው ላይ መቀበሉን አስፈርመው።

የእኔው ሰው በሁለት ጊዜ መክፈሉን መረጠ። የመጀመሪያው በቀኑ ገባ፣ የግንቦት 30ው አልገባም። ሌላ መልእክት አልጻፍኩለትም፤ ለሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ዕቃው በእጅ በእጅ መሆኑን ነገርኩት። ቀሪውን 30,000 ከዚያ በኋላ ከፍሎ ጨረሰ።