«አፈር» ወይስ «ምድር»?

ጥያቄ፦ በስደት ስላለ ሰው ግጥም ስጽፍ እንዲህ የሚሉ ሁለት ስንኞች መጡልኝ።

በሰው አገር ከርሜ ሲሰለቸኝ መኖር፣
መልሱኝ ልሳመው የአባቴን አፈር።

ጓደኛዬ «ምድር» ብትለው ይሻላል፣ ትርጉሙ ያው ነው፣ ቤቱም ይመታል አለኝ። እውነት ልዩነት የላቸውም? «መሬት»ስ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ስለ ቤቱ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ምጣኔውም አይጓደልም። ሁለቱም ቃላት በ«ር» ያልቃሉ፣ ሁለቱም ሲነበቡ ሁለት ቀለም ብቻ ስለሚይዙ ስድስት ስድስት የሆነው የስንኙ ሐረግ አይዛነፍም። ጥያቄዎን ጥሩ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ገጣሚ አንዱን ቃል ትቶ ሌላውን ያነሣው ቤት ስላልመታለት ነው ብለን እናልፋለን፣ እዚህ ግን ቤቱም ምጣኔውም ስለማያስገድዱ የሚቀረው የቃላቱ ፍካሬያዊ ፍቺ፣ ማለትም ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ፍቺው በላይ በአንባቢው ልቡና የሚቀሰቅሰው ነገር ብቻ ነው።

«ምድር» ከሰማይ ጋር የሚጠራ፣ ሰፊና ከፍ ያለ ቃል ነው። «አፈር» ግን በእጅ የሚዘገን፣ በሬሳ ላይ የሚመለስ ነገር ነው። ለሞተ ሰው «አፈሩ ይቅለለው» እንላለን፣ ስንማጠን «አፈር ስሆን» እንላለን፣ ስንራገም «አፈር ብላ» እንላለን፤ በሦስቱም ውስጥ መቃብር አለ። በእነዚህ አባባሎች «አፈር»ን አውጥተው «ምድር»ን ቢያስገቡ አንዱም አይቆምም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። ኦሪት ዘፍጥረት 3፥19 በግእዙ «እስመ መሬት አንተ ወውስተ መሬት ትገብእ» ሲል፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም ግን «አፈር ነህና፥ ወደ አፈርም ትመለሳለህና» ይላል። «መሬት» በአማርኛም ያለ ቃል ሆኖ ሳለ በዚህ ሐረግ አልተወሰደም፤ በእኔ እምነት ምክንያቱ ቃሉ በአማርኛ የሚታረስ፣ የሚለካና የሚወረስ ንብረት ወደ መሆን ማድላቱ ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አደባባይ ይዘውት የወጡት መፈክርም «መሬት ላራሹ» የሚል ነበር። «ምድር ላራሹ» ቢባል የባለቤትነት ክርክሩ ወዲያው በጠፋ ነበር።

አሁን ወደ ስንኝዎ እንመለስ። «የአባቴን መሬት» ቢሉ ቤቱ ከመፍረሱም በላይ ተናጋሪው ርስቱን ሊጠይቅ የመጣ ወራሽ ይመስላል። «የአባቴን ምድር» ቢሉ አባትየው የአገር አባት፣ የዘር ግንድ ይሆናል፤ ተናጋሪውም ከአውሮፕላን ወርዶ ተንበርክኮ የሚስም፣ ገና ብዙ ዘመን ከፊቱ ያለው ተመላሽ ነው። «የአባቴን አፈር» ሲሉ ግን አባትየው ሞቷል። ስንኙ ይህን በግልጽ አልተናገረም፣ አንባቢው ግን ያውቀዋል፤ ልጁ የሚስመው የአገሩን አፈር ብቻ ሳይሆን በቀብሩ ቀን ቆሞ ያልመለሰውንም አፈር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ስንኝ መለወጡ ነው። «ሲሰለቸኝ መኖር» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በሰው አገር መቀመጥ ሰለቸኝ ማለት ነው፣ ወይም በሕይወት መቆየት ሰለቸኝ ማለት ነው። በ«ምድር» ከጨረሱ አንባቢው የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል። በ«አፈር» ከጨረሱ ሁለተኛውም ይነቃል፣ ተናጋሪውም ከአባቱ ጎን ለመቀበር የሚመኝ ይሆናል። ይህን ለማድረግ አንድም ተጨማሪ ቃል አላስፈለገዎትም።

ይሁን እንጂ «አፈር» በሄደበት ሁሉ ሞትን ይዞ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። አንድ ገበሬ ስለ ጥቁር አፈር ሲያወራ መቃብር ትዝ የሚለው የለም። ያንን ትዝታ የሚያስነሡት ጎረቤት ቃላቱ ናቸው፤ በስንኝዎ «አባቴ» እና «ልሳመው» ከግራ ከቀኝ ይዘውታል። «ልሳመው»ን በ«ልረሰው» ብትለውጡት፣ ማለትም ስንኙን ወደ እርሻ ብታዞሩት፣ ያው «አፈር» የማሳ አፈር ይሆንና ሐዘኑ ይለቀዋል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ በቀሪው ግጥምዎ ውስጥ ይህ ሰው ዘመድ ሊጠይቅ፣ ቤት ሊሠራ፣ ሊኖር የሚመለስ ከሆነ የጓደኛዎን ምክር ይቀበሉ፣ «አፈር» ያላሰቡትን ሞት ያስገባብዎታልና። አባቱን ሳይቀብር የቀረ ልጅ ከሆነ ግን ቃሉን አይንኩት።