ከፊደል በፊት እጅ፦ ስለ እርሳስ አያያዝና ስለ ስዕል ጨዋታ ጠይቁኝ

ቲቸር፦ እንደምን አመሻችሁ። የኬጂ አስተማሪ ነኝ። ልጆች መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ስለሚጫወቷቸው የመሳልና መስመር የመከተል ጨዋታዎች ዛሬ ጠይቁኝ። የልጁን ዕድሜ ጻፉ። ዕድሜ የሌለው ጥያቄ አልመልስም።

የማኪ እናት፦ ልጄ 4 ዓመት ከ6 ወሩ ነው። እርሳስ በጡጫ ነው የሚጨብጠው። ከትምህርት ቤት በየቀኑ ሦስት ገጽ ነጠብጣብ ሀ ሁ ሂ ይሰጡታል፣ በለቅሶ ነው የምንጨርሰው። ምን ይሻለኛል?

ቲቸር፦ ወረቀቱን ለጊዜው ተይውና እጁን እዪ። ከነጥብ ወደ ነጥብ እየቆመ ነው የሚሄደው? እንዲያ ከሆነ ፊደል እየጻፈ አይደለም፣ ነጥብ እያገጣጠመ ነው። ገጹ ይሞላል፣ ነጥቡ ሲነሳ ግን ባዶ ወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። ከየት እንደሚጀምርም እዪ። ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ነጠብጣቡ አይከለክለውም፣ እና ያንን አካሄድ ሦስት ገጽ ሙሉ ይለማመደዋል።

ቀጥሎ መስቀል ሥሪና እሱን እያየ ከሥሩ ይሥራ። ከዚያ አራት ማዕዘን። በአብዛኛው ቁም መስመር፣ አግድም መስመርና ክብ 3 ዓመት አካባቢ ይመጣሉ። መስቀል ወደ 4፣ አራት ማዕዘን ከ4 እስከ 5። ሦስት ማዕዘን 5 ዓመት አካባቢ ነው፣ ሰያፍ መስመር ስለሚዘገይ። ማኪ መስቀሉን ከሠራ፣ የአራት ማዕዘኑን ጥግ ግን ድንች ካስመሰለው፣ ሥራችሁ ጥግ ላይ ነው ማለት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ትልቅ ወረቀት በዓይኑ ትክክል ግድግዳ ላይ በስኮች ለጥፊ። ሁለት መስመር አስምሪና መንገድ ሥሪ፣ ስፋቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከግራ ይጀምራል፣ ከቤት ተነስቶ ሱቅ ይደርሳል። መጀመሪያ በጣቱ ይሂድበት፣ ከዚያ በተሰበረ ክሬዮን። ክሬዮኑ ከአውራ ጣትሽ እንዳይረዝም፣ አጭር ነገር በጡጫ ለመያዝ ስለማይመች ጣቶቹ ራሳቸው ጫፉን ይፈልጉታል። ግድግዳውም ያግዛል፣ የእጅ አንጓው ወደ ኋላ ታጥፎ አውራ ጣቱ ይከፈታል። ቀጥታውን መንገድ ጠርዝ ሳይነካ ሲጨርስ መታጠፊያ ጨምሪ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የትራፊክ መብራት ሥሪ። ቀይ ነው፣ እጁ ይቆማል፣ ከዚያ ይዞራል። ጥግ የሚባለው ያ ነው፣ ቆሞ መዞር። ያንን ሲችል መንገዱን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር አጥብቢው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከሰለቸው አምስት።

አባ ናቲ፦ ልጄ እጁ ሰነፍ ነው፣ ምን ላድርግ?

ቲቸር፦ ዕድሜ!

የጉለሌው፦ ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምንድን ነው? ትክክለኛው አያያዝ በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመካከለኛው ጣት ነው። ጣቱን ይዞ ማስተካከል ነው።

ቲቸር፦ የሦስት ጣቱ ጥሩ ነው፣ ግን ብቸኛው አይደለም። የቀለበት ጣትም ተጨምሮ በአራት የሚይዙ አሉ፣ በደንብ ይጽፋሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይስ ክንዱ በሙሉ ነው የሚሄደው? አውራ ጣቱ እርሳሱን ተሻግሮ ሌሎቹን ጣቶች ጠቅልሎ ይዟል? ሁለት መስመር ሳይሞላ እጁ ይደክመዋል? የ3 ዓመት ልጅ በጡጫ ቢይዝ ችግር የለበትም። ጣት በግድ ብታስተካክል ደግሞ ዞር ስትል ይመለሳል።

ሜሪላንድ ያለሁ፦ እዚህ እርሳሱ ላይ የሚገባ የጎማ መያዣ አለ። ልግዛ? 5 ዓመቷ ነው።

ቲቸር፦ ጣቷ የት እንደሚቀመጥ ያሳያታል፣ እጇን አያጠነክርም። መጀመሪያ አጭር ክሬዮን ሞክሪ።

የሐዋሳዋ፦ ቲቸር፣ እኛ ክሬዮንም ስኮችም የለንም። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ። ያለ ወጪ የሚሆን ነገር?

ቲቸር፦ ገበጣ! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጉድጓዱን መሬት ላይ ቆፍሩት፣ ጠጠር ልቀሙ። ልጁ ጠጠሩን በአንድ እጁ ሲዘግን መዳፉ ውስጥ ይይዛል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው አንድ በአንድ እያወጣ ይዘራል። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ቀሪውን ጠጠር ይጠብቃሉ፣ ሌሎቹ ይሠራሉ። እርሳስ ሲይዝም የሥራ ክፍፍሉ እንደዚሁ ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ በሁለት እጁ እንዳይጫወት። አንዱ ይዞ ሌላው ከዘራ ጥቅሙ ይቀራል። ሕጉን ባያውቅም ግድ የለም፣ መዝራቱ ነው የሚፈለገው። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ግን ጠጠርም ሽንብራም አትስጡ፣ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ለመሳሉ ደግሞ ትሪ ላይ አሸዋ፣ ወይም ግድግዳ ላይ ጠመኔ። ጠመኔውን ሰባብሪው።

ግራኝ ነኝ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ በግራዋ ነው የምትስለው። አያቷ ወደ ቀኝ መልሱ ይላሉ።

ቲቸር፦ አትመልሱ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብዪላት፣ እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጋ ትያዝ፣ የጻፈችውን እንድታየው።

የጉለሌው፦ እኔን በማስመሪያ እየመቱ ነው የመለሱኝ፣ ይኸው በቀኜ እጽፋለሁ።

ግራኝ ነኝ፦ ጽሕፈትህን አሳየና!

ሜሪላንድ ያለሁ፦ ለመብላትስ? እንጀራ በግራ ሲቆረስ ሰው ይቀየማል።

ግራኝ ነኝ፦ በቀኟ ትበላለች፣ በግራዋ ትስላለች። ምን ቸገረን?

ቲቸር፦ የማዕድ ጉዳይ ሌላ ቀን። ወደ እርሳሱ እንመለስ።

አያት፦ ልጄ፣ እኛ የኔታ ዘንድ ከሀ ሁ ጀምረን ነው የተማርነው፣ መንገድ ምናምን አልተሳለልንም። ምን ጎደለብን?

ቲቸር፦ እማማ፣ የኔታ ዘንድ መጀመሪያ ማንበብ ነበር፣ ፊደሉን በስንጥር እየጠቆሙ። መጻፉ በኋላ ነው የመጣው። የዛሬው ኬጂ ሁለቱን በአንድ ቀን ይጀምራል። ለንባብ ሀ ለ ሐ መ ይሁን፣ አልጣላም። ለእጅ ግን ተራው አይስማማም። ሁለተኛው ፊደል ለ ሁለት ሰያፍ እግር አለው፣ ሰያፍ ደግሞ የሚዘገየው ነው። መ ሁለት ክብ አጣብቆ መሥራት ይፈልጋል። ተ ግን ከመስቀል ብዙም አይርቅም፣ ዐ ክብ ነው፣ በ ከታች የተከፈተ አራት ማዕዘን ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በዐ እና በተ እጀምራለሁ፣ ከዚያ በ፣ ከዚያ ቀ፣ ክብና ቁም መስመር ስለሆነ። ለ በጣም ቆይቶ ይመጣል።

አያት፦ እንግዲህ ልጁ ሲያነብ አንድ ተራ፣ ሲጽፍ ሌላ ተራ? ይምታታበታል።

ቲቸር፦ የሚምታታበት አለ፣ አልክድም። ብዙዎቹ ግን አይምታታባቸውም።

አባ ናቲ፦ 5 ዓመቱ። ሰነፍ ነው ያልኩት። ታብሌት ላይ ግን ፊደል በጣቱ ጎበዝ ነው።

ቲቸር፦ ጣት መስታወት ላይ ይንሸራተታል። ክሬዮን ወረቀት ላይ ይጎትታል፣ ልጁ ምን ያህል እንደሚጫን የሚማረው ከዚያ ነው። አቅጣጫውን ታብሌት ሊያስተምረው ይችላል፣ አያያዙን ግን አያስተምረውም። የማኪን መልስ አንብብ።

ሜሪላንድ ያለሁ፦ በታብሌት እርሳስ ከሆነስ?

ቲቸር፦ ይሻላል። ግን ረጅም ነው፣ ሰብረሽ አታሳጥሪውም።

የማኪ እናት፦ አሁን ሞከርኩት። መስቀሉን ሠራ፣ አራት ማዕዘኑ ድንች ሆነ። ሦስቱን ገጽ ምን ላድርገው?

ቲቸር፦ ነገ አስተማሪዋን አነጋግሪ። ከየገጹ አንድ መስመር ብቻ ይሥራ፣ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አድርጊለት። ቀሪው ጊዜ ለመንገዱ ይሁን። 5 ዓመት ተኩል ደርሶም በጡጫ ብቻ ከያዘ፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና ማንኪያ መያዝም ካስቸገረው፣ ለሕፃናት ሐኪም አሳይው።

እመቤት፦ ልጄ እርሳስ አያያዝ አልቻለም፣ ምን ትመክሪኛለሽ?

ቲቸር፦ ዕድሜ!!