ሽንኩርቱ ስንት ላይ ይቆማል? የፍላጎትና የአቅርቦት ጥያቄና መልስ

የአንደኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። ፈተና ሲቃረብ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ሚዛናዊ ዋጋና ብዛት ስለማግኘት ነው። ዛሬ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ሁላችንም ስለ አንድ ነገር እንድናወራ ይህን ልምምድ እንያዝ። ሽንኩርት ነው እንበል፤ P የአንድ ኪሎ ዋጋ በብር፣ Q በቀን የሚሸጠው በኪሎ። Qd ገዢው የሚፈልገው ብዛት፣ Qs ሻጩ የሚያቀርበው ብዛት ነው፤ ሚዛናዊው ዋጋ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ነው። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው፤ የዛሬ ገበያ አይደሉም።

```
Qd = 200 - 2P
Qs = -40 + 4P
```

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦ መጽሐፉ መልሱ 40 ብር ነው ይላል። እኔ አምስት ጊዜ ሠርቼ አምስቴም 80 መጣብኝ። መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ መጽሐፉ ደህና ነው። አምስቴም 80 ከመጣ ደግሞ ስህተትህ ቋሚ ነው፤ ቋሚ ስህተት ለማግኘት ቀላል ነው። እንዲህ የሠራህ ይመስለኛል፦

```
200 - 40 = 4P - 2P
160 = 2P
```

ቁጥሮቹን ወደ ማዶ ስታሻግር ምልክታቸውን አልቀየርክም። -40 ወደ ግራ ሲሻገር +40 ይሆናል፤ -2P ወደ ቀኝ ሲሻገር +2P ይሆናል። ስለዚህ፦

```
200 - 2P = -40 + 4P
240 = 6P
P = 40
```

ብዛቱን ለማግኘት 40ን ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ መክተት ይበቃል። እኔ ግን ሁሌም በሁለቱም ውስጥ እከታለሁ። በፍላጎቱ 200 - 80 = 120፣ በአቅርቦቱ -40 + 160 = 120። ገጠመ። አሁን ያንተን 80 ክተት፦ ፍላጎቱ 40 ኪሎ፣ አቅርቦቱ 280 ኪሎ። ገዢው 40 ኪሎ ብቻ ሲፈልግ ሻጩ 280 ይዞ ቆሟል። በአንዱ ብቻ ብትከት ኖሮ “40 ኪሎ” ብለህ ጽፈህ፣ ምንም ሳይጎረብጥህ ወረቀቱን ታስረክብ ነበር።

የማታ ተማሪ፦ ስሌቴ 40 ብርና 120 ኪሎ ነው። ግራፉን ስሥለው ግን ዋጋው 120፣ ብዛቱ 40 ሆኖ ይታየኛል። ሦስት ወረቀት አባከንኩ።

መልስ፦ ሥዕልሽ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው በዘንጎቹ ላይ የጻፍሽው ስም ነው። በሒሳብ ክፍል y = 200 - 2x ሲባል 200ን ቋሚው ዘንግ ላይ ትጀምሪና በእያንዳንዱ እርምጃ በ2 ትወርጃለሽ። አሁንም ያንኑ አደረግሽ። እንደዚያ ከሆነ ግን በቋሚው ዘንግ ላይ ያለው Q ነው፣ በአግድሙ ያለው P። አንቺ በልማድ ቋሚው ላይ “ዋጋ” ብለሽ ጻፍሽበት።

ኢኮኖሚስቶች ዋጋን ቋሚው ዘንግ ላይ የሚያደርጉት ከእንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ጊዜ ጀምሮ በያዙት ልማድ ነው። እኩልታውን ግን ብዙ ጊዜ Q = ብለው ይጽፉታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ተማሪን የሚያደናግር ነገር ነው፤ ማንም ሊያስተካክለው የፈለገ አይመስልም። ስለዚህ ከመሣልሽ በፊት P ብቻውን እንዲቀር አድርገሽ ገልብጪው፦

```
P = 100 - 0.5Q
P = 10 + 0.25Q
```

ፍላጎቱ ቋሚውን ዘንግ 100 ላይ፣ አግድሙን 200 ላይ ይነካል። ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ አገናኚ። አቅርቦቱ ከ10 ይነሳል። ሁለተኛ ነጥብ ለማግኘት 50 ብርን ክተቺ፤ 160 ኪሎ ይሰጥሻል። እሱንም አገናኚ። መስመሮቹ አግድሙ 120፣ ቋሚው 40 ላይ ይቆራረጣሉ።

ጣልቃ የገባ ተመራቂ፦ ይቅርታ፣ ያን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ስሎፑን ብቻ ገልብጡት፤ 2 የነበረው ግማሽ፣ 4 የነበረው ሩብ ይሁን። 200 እና -40 ባሉበት ይቆዩ። እኔ እንዲህ ሠርቼ ዋጋው 40 መጥቶልኛል።

መልስ፦ ስሎፑ ላይ ልክ ነህ፤ መነሻው ላይ ግን አይደለህም። 40 የመጣልህ በዕድል ነው። ያንተ መስመሮች P = 200 - 0.5Q እና P = -40 + 0.25Q ናቸው። የሚቆራረጡት Q 320 ሲሆን ነው፤ ዋጋውም እውነትም 40 ይሆናል። አሁን 40 ብርን ወደ መጀመሪያው እኩልታ መልሰህ ክተት፦ ፍላጎቱ 120 ኪሎ ነው እንጂ 320 አይደለም። በመጀመሪያው እኩልታ ያለው 200 የኪሎ ቁጥር ነው፤ ሽንኩርቱ በነጻ ቢሆን የሚፈለገው ብዛት። አንተ ወደ ብር ዘንግ ወስደህ 200 ብር አደረግከው። ከ -40 ይልቅ -30 ብለህ ሞክረው፤ ያ የ40 ብር ዕድል እዚያው ይጠፋል።

ተመራቂው፦ እሺ፣ ብዛቱን አላየሁትም ነበር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ Qs ላይ ያለው -40 አይገባኝም። ከዜሮ በታች 40 ኪሎ ሽንኩርት የሚያቀርብ ማን ነው?

መልስ፦ ማንም የለም። ዋጋው ከ10 ብር በታች ከሆነ ማንም ሽንኩርት ይዞ አይመጣም ማለት ነው፤ የመኪናና የማዳበሪያ ወጪውን አይመልስለትማ። መስመሩን ከ10 ብር ጀምረሽ ወደ ላይ ብቻ ሣዪው። ከዚያ በታች ያለው የሒሳቡ ትርፍራፊ ነው።

ስሙን ያልጻፈ፦ የቤት ሥራዬ Qd = 50 - 2P፣ Qs = -100 + 3P ነው። ዋጋ 30፣ ብዛት -10 መጣ። ጓደኛዬ “ኔጌቲቭ ከመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል” አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛህ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ኔጌቲቭ ሲመጣ መጀመሪያ ምልክቶችህን ፈትሽ። እዚህ ግን ስሌትህ ንጹሕ ነው፤ 150 = 5P፣ P = 30። ችግሩ ገበያው ራሱ ነው። ገዢው ከ25 ብር በላይ ከሆነ አንድም አይገዛም፤ 50ን ለ2 አካፍልና እየው። ሻጩ ደግሞ ከ33 ብር ከምናምን በታች አይሸጥም። የሁለቱ ዋጋ አይገናኝም፤ ስለዚህ ግብይት የለም። ብትሥለው መስመሮቹ የሚቆራረጡት ከቋሚው ዘንግ በስተግራ ነው፤ እዚያ ሽንኩርት የለም። መልስህን “በ30 ብር -10” ብለህ ሳይሆን “በዚህ ገበያ የሚሸጥ ነገር የለም፣ ብዛቱ ዜሮ ነው” ብለህ ጻፍ፤ ምክንያቱንም ጨምርበት። አስተማሪህ ቁጥሩን ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው ያወጣው የሚለውን እሱን ጠይቀው።

የቢሮ ሠራተኛ፦ በኤክሴል ስሠራው መስመሮቹ ይጠማዘዙብኛል፣ ዘንጉም 1፣ 2፣ 3 ይላል።

መልስ፦ `Line` የሚለውን መርጠሽ ነው። እሱ የታችኛውን ዘንግ እንደ ተራ ቁጥር ያየዋል። `Scatter with Straight Lines` ምረጪ። በ A ዓምድ Q ይሁን፤ A2 ላይ ከ0 ጀምረሽ በ40 እየዘለልሽ እስከ 200 ሙዪው። ከዚያ B2 እና C2 ላይ ይህን ጻፊና ወደ ታች ጎትቺው፦

```
=100-0.5*A2
=10+0.25*A2
```

ቻርቱን ሳታዪ እንኳ Q 120 የሆነበት ረድፍ ላይ ሁለቱም 40 እንደሚሉ ታያለሽ።

የማታ ተማሪ (ተመልሳ)፦ በእጄ ሣልኩት። 43 ብር አካባቢ ይታየኛል። ይህ ያስቀጣል?

መልስ፦ አንድ ሴንቲሜትር ለ10 ብር ሰጥተሽ ከሆነ 3 ብር ማለት 3 ሚሊሜትር ነው። ይህን ያህል በእርሳስ ውፍረት አይሳበብም። ማስመሪያው ተንሸራቷል ወይ ከሁለቱ ነጥቦች አንዱ በትክክል አልተቀመጠም። ሦስተኛ ነጥብ ጨምሪ፤ በ20 ብር ፍላጎቱ 160፣ አቅርቦቱ 40 ነው። ነጥቡን የሳተው መስመር የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቂያለሽ።

ሌላ ጠያቂ፦ መንግሥት “ከ30 ብር በላይ እንዳይሸጥ” ቢል ሚዛኑ 30 ይሆናል ማለት ነው?

መልስ፦ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግራፉ ግን ይመልሰዋል። 30 ላይ አግድም መስመር አስምር። ፍላጎቱን 140 ላይ፣ አቅርቦቱን 80 ላይ ይቆርጣል። መገናኛው ከ40 አልተነቃነቀም፤ 30 ብር ላይ የሚሸጠው 80 ኪሎ ብቻ ነው፣ 60 ኪሎ የፈለጉ ሰዎች ባዶ ዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ።

ሽንኩርት ነጋዴ፦ ልጄ፣ እኔ ትምህርቱን አላውቀውም። በእኛ መደዳ ሁላችንም ተደምረን በአዘቦት ቀን በ45 ብር 80 ኪሎ እንሸጣለን። ለፋሲካ ዋዜማ 60 ብር ገብቶ 110 ኪሎ ሸጥን። አንተ ዋጋ ሲወጣ ገዢ ይቀንሳል ትላለህ። የኛ ገዢ ተገላቢጦሽ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ የእርስዎ ነው። ገዢው ተገላቢጦሽ አይደለም። በዋዜማው ሁሉም ዶሮ ወጥ ሊሠራ ሽንኩርት ፈለገ፤ ስለዚህ የፍላጎቱ መስመር ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ሄደ። እርስዎ ያዩት በአንድ የፍላጎት መስመር ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን አይደለም። ሁለት የተለያዩ መስመሮች የሻጩን መስመር የቆረጡባቸውን ቦታዎች ነው። ሁለቱን ነጥቦች ባገናኛቸው የማገኘው የሻጩን መስመር ነው፦ ዋጋው 15 ብር ሲጨምር ብዛቱ 30 ኪሎ ጨመረ፤ Qs = -10 + 2P። በ45 ብር 80፣ በ60 ብር 110፤ ይገጥማል። ግን ይህ የሚሠራው በሁለቱም ቀን አመጣጡ ያው ከነበረ ብቻ ነው። የዋዜማው ጭነት እንደ አዘቦቱ ነበር የገባው?

ሽንኩርት ነጋዴ፦ ኧረ የት! በዝናቡ አንዱ መኪና ከመንገድ ቀርቶ በማግስቱ ነው የገባው።

መልስ፦ እንግዲያው ሁለቱም መስመሮች ተነቃንቀዋል። ያወጣሁትን እኩልታ ይሰርዙት፤ በሁለት ነጥብ ብቻ ፍላጎቱንም አቅርቦቱንም ማወቅ አልችልም። መኪናው በሰዓቱ የገባበትን ሌላ የበዓል ዋዜማ ካስታወሱ ዋጋውንና ኪሎውን ይጻፉልኝ።

ሽንኩርት ነጋዴ፦ የገናውን ልጄ ደብተር ላይ ይዞት ነበር። ማታ አይቼ እነግርሃለሁ።