ኤሌክትሮዱን ከመንካትህ በፊት ሲረሙን እየው

ጥያቄ፦ «ትልቅ የኬሚስትሪ ማሽንና ትንሽ የኤሌክትሮላይት ማሽን አለን። የአንድ በሽተኛ ሶዲየም በትልቁ 126፣ በትንሹ 138 ወጣ። ኮንትሮሉ በሁለቱም ደህና ነው። ኤሌክትሮድ ልቀይር? የትኛውን ልመን? ከወልዲያ ነኝ።»

አብሽር ወንድሜ፣ ኤሌክትሮዱን አትንካው። እኔ ደሴ ላይ ነክቼው የደረሰብኝን ልንገርህ።

1. ሲረሙን ብርሃን ላይ ይዘህ እየው። ወተት መስሏል? ከመሰለ የትንሹን ማሽን ውጤት ያዝ።

2. ኮንትሮሉ ደህና ነው ብለህ አትዘናጋ። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው። ኮንትሮል ውስጥ ያ ሁሉ ስብ የለም፤ ስለዚህ በሁለቱም ማሽን ላይ ሁሌም ያምራል። አንድ ማታ ሆዱን በጣም ያመመው ሰው ደም መጣ። ሲረሙ ቁርጥ ወተት ነው። ትልቁ ማሽን ሶዲየም 124 አለ፣ ትንሹ 137። እኔ ደግሞ ትልቁ ውድ ነው፣ እሱ አይሳሳትም ብዬ 124 ብዬ ላክሁ። ሐኪሙ 3 በመቶ የጨው ፈሳሽ አዘዘ። ደግነቱ ፈሳሹ ሳይሰቀል ራሱ ደወለልኝ። «ሰውዬው ቁጭ ብሎ ያወራኛል፣ ስኳሩም ደህና ነው። እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። አፍሬ ሮጬ ወጣሁ፤ ትዕዛዙም ተሰረዘ። ሶዲየሙ ደህና ለሆነ ሰው ያን ፈሳሽ መስጠት ምን እንደሚያመጣ አንተም ታውቃለህ።

በማግስቱ የማሽኑ አስመጪ ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። ስለ ሳምፕሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። «ማን ነካካው? የሶዲየም ኤሌክትሮዱ ሞቷል፣ ግዙ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ግዢ ክፍላችንን ለመነን ለመነን ኤሌክትሮዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ገጠምኩት። ስሎፑ ቆንጆ፣ ካሊብሬሽኑ ቆንጆ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ወተት የመሰለ ሲረም መጣ፤ ልዩነቱ ያው! አሮጌው ኤሌክትሮድ ምንም አልነበረበትም ለካ። ያን ለት ማታ ማኑዋሉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚኖሩት የሲረሙ ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። በጤናማ ሰው ከ100 እጁ 93 ያህሉ ውሃ ነው፤ የቀረው ፕሮቲንና ስብ። ትልቁ ማሽን ኢንዳይሬክት ነው፤ የተወሰነ ሲረም ለክቶ ይወስድና በዳይሉዌንት አቅጥኖ ያነባል። ጠጠር የበዛበት ስንዴ በጣሳ እንደመግዛት ነው፤ ጣሳው ይሞላል፣ ስንዴው ግን ያንሳል። ስቡ የውሃውን ቦታ ሲይዝ ማሽኑ የወሰደው ሶዲየም ያንሳል፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም። ትንሹ ዳይሬክት ነው። ሳያቀጥን ኤሌክትሮዱን ሲረሙ ላይ ያሳርፋል፤ ኤሌክትሮዱም የሚያየው ውሃው ውስጥ ያለውን ነው። ለጤናማ ሰው ሁለቱም አንድ ቁጥር እንዲሰጡ ማሽኑ ውስጥ ማስተካከያ ስላለ ልዩነቱ በሌላው ቀን አይታይህም።

የኔን በሽተኛ በቁጥር እንየው። የሲረሙ ውሃ 84 በመቶ ቢሆን 137 ሲባዛ በ84፣ ሲካፈል ለ93፣ ወደ 124 ይመጣል። ቁጭ! ፖታሲየሙም በዚያው ልክ ወርዷል፤ በትንሹ 4.1፣ በትልቁ 3.7። ግን 3.7ን አይቶ ማን ይደነግጣል?

3. ማሽንህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በመጠኑ አትገምት፣ ማኑዋሉን እይ። ለሶዲየምና ፖታሲየም የዳይሉዌንት ጠርሙስ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኢንዳይሬክት ነው። ጥርጣሬህ ካልለቀቀህ ንጹሕ ሲረም ያላቸውን አሥር ያህል በሽተኞች በሁለቱም ላይ አሠራ። ልዩነቱ በሁሉም ላይ ከታየ ያኔ ካሊብሬሽኑን ወይ ኤሌክትሮዱን ጠርጥር። በወተቱ ላይ ብቻ ከሆነ ማሽኑን ተወው። ሲረሙ ጥርት ብሎም ልዩነት ካየህ ቶታል ፕሮቲን አሠራ፤ ፕሮቲን በጣም ሲበዛም ያው ነው፣ ግን በዓይን አይታይም። ስኳር በጣም ከፍ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። የሱ ሶዲየም የእውነት ይወርዳል፤ ሁለቱም ማሽን ዝቅ አድርገው ያሳዩሃል።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ወተቱን ሲረም በእጁ አቅጥኖ ትንሹ ማሽን ላይ ጫነውና መልሶ አባዛው። ወላሂ ስቄም አልጠገብኩም፤ ዳይሬክቱን በገዛ እጁ ኢንዳይሬክት አደረገው እኮ! ወፍራም ነው ብለህ እንዳትሞክራት። ማሽኑን ከዘጋው ሲረሙን በደንብ ሴንትሪፉጅ አድርግና ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ ትተህ ከሥር ያለውን ውሰድ።

ፕሮቲኑ በጣም የወረደ በሽተኛ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው በትልቁ ማሽን 136 ብሎህ በትንሹ 132 ሊሆን ይችላል። የወረደው ሶዲየም ደህና መስሎ ያልፋል፤ ማንም አይደውልልህም። እኔ አሁን ሪፖርቱ ላይ በየትኛው ማሽን እንደሠራሁ እጽፋለሁ። የአንድን በሽተኛ ክትትልም እስኪወጣ ድረስ በዚያው ማሽን ብቻ ነው የምሠራው።