የአደጋ ጊዜ መብራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«የምናሠራው ሕንጻ ኮሪደር 24 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ80 ስፋት አለው፤ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ70 ላይ ነው። ኤሌክትሪሻኑ “በየ8 ሜትሩ አንድ፣ ሦስት መብራት ይበቃል” አለኝ። ልመነው?»

በመብራቶቹ መካከል ላለው ቦታ አልተሳሳተም፤ ችግሩ ጫፎቹ ላይ ነው። ብዙ ዲዛይነሮች የሚከተሉት የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 1838፣ እስከ 2 ሜትር በሚሰፋ የማምለጫ መንገድ መሐል መስመር፣ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቢያንስ 1 ሉክስ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የሚሰላው በጣም ለሚጨልመው ቦታ ነው፤ ቀመሩም ይኸው፦

E = I × cos³θ ÷ h²

I መብራቱ ወደዚያ ነጥብ የሚልከው ብርሃን በካንዴላ፣ h ከፍታው፣ θ ደግሞ ከቁልቁል መስመሩ ያለው ማዕዘን ነው። መብራትዎ ነጭ ሽፋን ያለውና በባትሪ ሲሠራ 150 ሉመን የሚሰጥ ነው እንበል። በባትሪ ሲሠራ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የመደበኛው ኃይል ቁጥር ነው። ይህ መብራት ቀጥታ ወደ ታች 48 ካንዴላ ገደማ፣ በ56 ዲግሪ ደግሞ 27 ገደማ ይልካል።

በ8 ሜትር ርቀት መካከል ላይ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ 4 ሜትር ላይ፣ አንዱ መብራት 0.64 ሉክስ ይሰጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 1.28። ለአቧራና ለእርጅና በ0.8 ሲባዛ 1.02 ይሆናል፤ ለጥቂት አለፈ። ርቀቱን 10 ሜትር ቢያደርጉት ወደ 0.53 ይወርዳል። የኮሪደሩ ጫፍ ግን ከመጨረሻው መብራት 4 ሜትር ይርቃል፣ የሚያግዘውም ሁለተኛ መብራት አጠገቡ የለም፤ የሚደርሰው 0.51 ሉክስ ብቻ ነው።

ስለዚህ አራት ያድርጓቸው፦ ከጫፎቹ 3 ሜትር፣ በመካከላቸው 6 ሜትር። ጫፉ ያኔ 1.05 ሉክስ ያገኛል። ጫፉ ላይ ደረጃ ካለ ደግሞ መብራቱ ከደረጃው ከ2 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። እንዲያውም ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ መጀመሪያ በሮች፣ ደረጃዎችና መታጠፊያዎች ድርሻቸውን ያገኛሉ፣ የቀረው ክፍተት በስሌት ይሞላል።

«3 ሰዓት ይሠራል ተብሎ የተሸጠልኝ መብራት በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ። ምን ዓይነት ባትሪ ልግዛ?»

ከመግዛትዎ በፊት ያስሉት። በባትሪ ሲሠራ ኤልኢዲው 1.5 ዋት የሚወስድ ከሆነ ለ3 ሰዓት 4.5 ዋት-ሰዓት ያስፈልገዋል። በመቆጣጠሪያው ውስጥ የሚባክነውን ለማካካስ በ0.8 ሲካፈል 5.6 ይመጣል። ባትሪው 3.6 ቮልት ስለሆነ ይህ 1.56 አምፒር-ሰዓት ነው። ባትሪ እያረጀ አቅሙ ስለሚቀንስ እንደገና በ0.8 ያካፍሉት፤ 1.95 ይሆናል፤ ከ2 አምፒር-ሰዓት ያነሰ አይግዙ። 1.5 የተጻፈበት ባትሪ ገና አዲስ ሆኖም 3 ሰዓት አይሞላም።

የእርስዎ ግን ከአቅም ማነስ ይልቅ ከአጠቃቀም የመጣ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ኮርኒስ ውስጥ በሌላ መብራት አናት ላይ የተቀመጠ ባትሪ ቶሎ ይሞታል፤ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራውን ኒኬል ካድሚየም ይጠይቁ። ሁለተኛው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ማታ ሲዘጋ ብሬከሩን የሚያወርድ ከሆነ መብራቱ ኃይል የተቋረጠ መስሎት በየሌሊቱ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ቀን ደግሞ በቅጡ ሳይሞላ ይመሻል። ባትሪውን የሚሞላው ቋሚ ፌዝ ከማብሪያ ማጥፊያው በፊት ይወሰድ፤ ነገር ግን ከዚያው ከኮሪደሩ መብራት መስመር ይሁን። ከሶኬት መስመር ከተወሰደ የኮሪደሩ ብሬከር ብቻውን ሲወርድ የአደጋ ጊዜ መብራቱ አያውቅም።

«ጄኔሬተር አለን። በ15 ሴኮንድ ይነሳል። ባለ ባትሪ መብራት ለምን ያስፈልገናል?»

የአውሮፓው ደረጃ ከሚፈለገው ብርሃን ግማሹን በ5 ሴኮንድ፣ ሙሉውን በ60 ሴኮንድ ውስጥ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ጄኔሬተር ለመጀመሪያው አይደርስም። ከዚህ የከፋው እሳቱ ራሱ ነው። ኬብሉ ከተቃጠለ ጄኔሬተሩ እየሠራም ኮሪደሩ ይጨልማል።

«በየወሩ የመፈተሻ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ይበራል። አይበቃም?»

ቁልፉ የሚነግርዎ መብራቱ ወደ ባትሪ መዞሩን ብቻ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ በዓመት አንድ ጊዜ ኃይሉን አቋርጠው ሙሉ 3 ሰዓቱን ያስቆጥሩት። ከዚያ በኋላ ባትሪው እስኪሞላ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ይፈጃል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከፈተኑ ሕንጻው በዚያ ሌሊት ያለ መጠባበቂያ ያድራል። አንዱን ፈትነው አጠገቡ ያለውን ይዝለሉ፤ የተዘለሉትን ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሱባቸው። በመካከል ኃይል ከተቋረጠ የቀረውን ፈተና ለሌላ ቀን ያስተላልፉት።